የደኅንነት ማሠልጠኛ ቪዲዮ ጽሑፍ፦ በልብስ ስፌት ፋብሪካ መርፌ መቀየር

የሥራ ደኅንነት ማሠልጠኛ ቪዲዮ ከመቀረጹ በፊት በወረቀት ላይ የሚዘጋጀው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓምድ ይከፈላል። በአንደኛው የሚታየው፣ በሌላኛው የሚሰማው ይሰፍራል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ሥልጠና የሕግ መሠረት አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹ በሥራቸው ላይ ስላሉ አደጋዎችና ስለሚወሰዱ ጥንቃቄዎች ተገቢውን መመሪያ እንዲያገኙ የማድረግ ግዴታ ይጥልበታል። በአንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው መከላከያዎችን በአግባቡ እንዲጠቀምና የመሣሪያ ብልሽት ሲያይ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። በ2008 ዓ.ም. እንደተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉ ቦታዎች፣ ከዚያ በፊት የኤሌክትሪክ ስፌት ማሽን ፊት ተቀምጠው የማያውቁ ወጣት ሴቶች በብዛት ስለሚቀጠሩ፣ ይህን ግዴታ በቪዲዮ መወጣት የተለመደ መንገድ ነው።

ስለ እሳት፣ ስለ መውጫ በርና ስለ ጭምብል የሚናገሩት ክፍሎች ከፋብሪካ ፋብሪካ እምብዛም አይለያዩም። የጸሐፊው ችሎታ የሚፈተነው ኦፕሬተሯ በየቀኑ በምትነካው ነገር ላይ ነው፤ እርሱም መርፌው ነው። መርፌ ሲሰበር ወይም ክር ሲጠላለፍ ጣት ወደ መርፌው ሥር ይገባል። ስለዚህ የቪዲዮው እምብርት መሆን ያለበት አንድ ሐሳብ ነው፦ የጠፋ ማሽን ሁሉ የቆመ ማሽን አይደለም።

ምክንያቱ ከሞተሩ አሠራር ይመነጫል። በቆዩት የስፌት ማሽኖች ላይ የሚገኘው ክላች ሞተር ማብሪያው ከተጫነ ጀምሮ፣ ኦፕሬተሯ ባትሰፋም እንኳ ያለማቋረጥ ይሽከረከራል። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚሆነው ነገር የመኪና ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ከሚሆነው ጋር ይመሳሰላል፤ እየዞረ የነበረው ሞተር ከማሽኑ ራስ ጋር ይያያዛል፣ ጉልበቱም በቺንጋው በኩል ወደ መርፌው ይሄዳል። ማብሪያው ሲጠፋ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል እንጂ ከባዱ የሞተር ጎማ ወዲያው አይቆምም፤ በነበረው ፍጥነት ለጥቂት ጊዜ መዞሩን ይቀጥላል። በዚያ መሀል እግር ሳይታሰብ ፔዳሉን ቢነካ መርፌው ይወርዳል፤ ጣትም ሥሩ ከነበረ ይወጋል። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ያለው ሰርቮ ሞተር የሚዞረው ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ነው። የእርሱ አደጋ ደግሞ ዝምታው ነው፤ ምንም ድምፅ ስለማይሰማ ኦፕሬተሯ የጠፋ ይመስላታል።

ሁለቱን ሞተሮች በጆሮ መለየት ስለሚቻል፣ በዚህ ትዕይንት ላይ ሙዚቃ ማስገባት ትልቅ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። የክላች ሞተሩ ጉምጉምታ፣ ሲጠፋም ቀስ በቀስ እየሰለለ መሄዱ ራሱ ትምህርት ነው። ጽሑፉ ይህን ድምፅ በማሽኑ አጠገብ እንዲቀዳ በግልጽ ማዘዝ አለበት።

የመርፌ መቀየሪያው ትዕይንት በወረቀት ላይ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ምስል፦ እግር ከፔዳሉ ላይ ተነሥቶ ወለል ላይ ያርፋል።
ድምፅ፦ «መጀመሪያ እግርሽን ከፔዳሉ ላይ አንሺ።»

ምስል፦ እጅ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ማጥፊያ ይጫናል። ካሜራው እዚያው ይቆያል፤ የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ አይቆረጥም።
ድምፅ፦ «ማሽኑን አጥፊ። አዳምጪ። አሁንም እየዞረ ነው።» ከዚያ በኋላ ተራኪዋ ዝም ትላለች።

ምስል፦ ሁለት እጆች ከመርፌው ርቀው ጠረጴዛው ላይ ይታያሉ፤ እግር ፔዳሉን ይረግጣል፤ መርፌው ጥቂት ጊዜ ወጥቶ ወርዶ ይቆማል። እግር ድጋሚ ይረግጣል፤ መርፌው አይንቀሳቀስም።
ድምፅ፦ «እጅሽን አርቂና ፔዳሉን ርገጪ። መርፌው እስካልቆመ ድረስ ድገሚው።»

ምስል፦ እግር ወደ ወለሉ ይመለሳል። ጣቶች የመርፌውን ብሎን ይፈታሉ።
ድምፅ፦ «አሁን ቆሟል። እግርሽን መልሺ፤ መርፌውን ፍቺ።»

ሦስተኛው እርምጃ ከብዙ ቪዲዮዎች የሚጎድለው ነው። ፔዳሉን መርገጥ ሁለት ነገር ይሠራል፤ በሞተሩ ውስጥ የቀረውን ጉልበት ያስጨርሳል፣ ማሽኑ በእርግጥ መጥፋቱንም ያሳያል። ሰርቮ ባለው ማሽን ላይም ይኸው ሙከራ ይጠቅማል፤ ኦፕሬተሯ የተሳሳተ ቁልፍ ተጭና ከሆነ ያኔ ታውቃለች፣ እጇ ግን ገና ሩቅ ነው።

ቋንቋውም የራሱ ወጥመድ አለው። በቢሮ አማርኛ የለመደ ጸሐፊ «መርፌ ከመቀየሩ በፊት ማሽኑ ይጠፋል» ብሎ ይጽፋል። ለአዲስ ሠራተኛ ይህ ዓረፍተ ነገር ማሽኑ በራሱ የሚጠፋ ያስመስላል፤ ማን እንደሚያጠፋው አይናገርምና። «አጥፊ» ሲባል ግን አጥፊዋ ታወቀች። «እርስዎ» ማለት አክብሮት ቢሆንም በሥራ ላይ ማንም እንዲህ ብሎ አይጠራትም፤ አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች በሆኑበት የስፌት መስመር «አንቺ» ይሻላል፤ ወንዶችና ሴቶች በሚቀላቀሉበት ደግሞ «እናንተ» ይመረጣል። ሌላው ወጥመድ የክልከላ አቀማመጥ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «የተጠላለፈውን ክር ማሽኑ እየዞረ በጣትሽ አትጎትቺ» ሲባል፣ ሰሚዋ «አትጎትቺ» እስክትሰማ ድረስ ድርጊቱን በሐሳቧ ሠርታዋለች። በምስሉም ላይ ያ የተሳሳተ ድርጊት ከታየ በዓይኗ የሚቀረው እርሱ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው እርምጃ መጀመሪያ ይነገራል፣ ክልከላው በአጭሩ ይከተላል፣ ምስሉ ደግሞ ትክክለኛውን ብቻ ያሳያል።

ሀዋሳን በመሰለ ቦታ ከአማርኛ ይልቅ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚቀናቸው ሠራተኞች አሉ። ትዕይንቱ ድምፁ ሳይኖር እንኳ በምስል ብቻ እንዲገባ ተደርጎ ከተጻፈ፣ ትረካውን በሌላ ቋንቋ መቅዳት ቀላል ይሆናል። ለዚህም ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር፣ በመካከላቸውም ያለው ዝምታ ሰፊ መሆን አለበት፤ ትርጉሙ ከአማርኛው ሲረዝም የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

መርፌ በተሰበረ ጊዜ ሌላ ሥርዓት ይጨመራል። ኦፕሬተሯ ስብርባሪዎቹን ሁሉ ፈልጋ ታሰባስባለች፤ ስብርባሪው በመዝገብ ላይ ይለጠፋል፤ አዲስ መርፌ የሚሰጣት አሮጌው ሙሉ ሆኖ ሲገኝ ነው። አንድ ቁራጭ ከጎደለ በእጇ ያለው ሥራ ተለይቶ በብረት መፈለጊያ ይፈተሻል፤ ልብሱ ውስጥ የቀረ ቁራጭ የሚለብሰውን ሰው ይወጋልና። መርፌ ጣት ከወጋ ደግሞ ጽሑፉ ሁለት ነገር ብቻ ያዛል፦ ማሽኑን ማጥፋትና ሱፐርቫይዘር መጥራት። ጣትን በድንጋጤ መንጠቅ ቁስሉን ያሰፋል፤ መርፌውንም ውስጥ ሊሰብረው ይችላል። የጎረቤቷ ኦፕሬተር እጅ ማጥፊያውን ሲጫን የሚያሳይ አንድ ምስል እዚህ ላይ ብዙ ይሠራል፤ የተወጋችው ልጅ እጇ ላይደርስ ይችላል።

ቪዲዮው ሠራተኛዋ መረዳቷን አይነግርም። ጽሑፉ በመጨረሻው ገጽ ላይ ለአሠልጣኙ የሚሆን መመሪያ ይይዛል፦ ቪዲዮው ይቆማል፣ እያንዳንዷ ሠልጣኝ በየተራ ማሽን ፊት ተቀምጣ መርፌ ትቀይራለች። አሠልጣኙ ምንም አይናገርም። የሚያየው እግሯን ነው፤ ካጠፋች በኋላ እጇን አርቃ ፔዳሉን ረግጣ ሞክራለች ወይስ በቀጥታ ወደ ብሎኑ ሄደች? ሁለተኛው ከሆነ ቪዲዮው ከሞተሩ ድምፅ ጀምሮ እንደገና ይከፈታል።