ሉፐስ፦ ሲ3 እና ሲ4 ለምን ይወርዳሉ?

አንዲት የ26 ዓመት ሴት እናስብ። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። ፀሐይ ሲያገኛት ፊቷ ይቀላል። ሰሞኑን ደግሞ እግሯ አብጧል፤ ሽንቷም አረፋ ያወጣል። ሲ3 እና ሲ4 የሚባሉ ሁለት የደም ፕሮቲኖች ተለክተው ሲ3 45፣ ሲ4 5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነዋል። ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሉፐስ የሚባለው ሕመም ይዟታል እንበል። ብዙ ላብራቶሪዎች ሲ3 ከ90፣ ሲ4 ከ10 በታች ሲሆን ዝቅተኛ ይሉታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሞቱ ሴሎች ነው። ሴል ሲሞት ፍርስራሹ በጊዜ ካልተጠረገ ዲኤንኤው ሜዳ ላይ ይቀራል። በሉፐስ ሕመምተኛ ሰውነቱ በዚህ ዲኤንኤ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ስሙ እንግዳን የሚዋጋ ይላል እንጂ እዚህስ የሚያጠቃው የቤቱን ሰው ነው።

ፀረ እንግዳ አካሉ ከዲኤንኤው ጋር ሲጣበቅ ኢሚውን ኮምፕሌክስ የሚባል ጥምር ይፈጠራል። በጤነኛ ሰው ቀይ የደም ሴሎች ይህን ጥምር ተሸክመው ወደ ጉበትና ጣፊያ ያደርሱታል፤ እዚያ ይወገዳል። በሉፐስ ግን ጭነቱ ይበዛል፤ የተረፈው በኩላሊት ማጣሪያ ላይ ይቀመጣል። አንዳንዴም ጥምሩ እዚያው ማጣሪያው ላይ ይሠራል።

ከዚያ ኮምፕሊመንት የሚባሉት የደም ፕሮቲኖች ይነሳሉ። ሲ3 እና ሲ4ም ከእነሱ ናቸው። መጀመሪያ ሲ1ኪው የሚባለው የፀረ እንግዳ አካሉን ጭራ ይይዛል። ቀጥሎ ሲ4 እና ሲ2፣ ከዚያ ሲ3 ይቆረጣሉ። ከቁራጮቹ አንዳንዶቹ ቲሹው ላይ ይለጠፋሉ፤ ሌሎቹ ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራሉ። የኩላሊቱ ቁስለት የሚመጣው ከዚህ ነው። የተቆረጠ ፕሮቲን ደግሞ ተመልሶ አይገጠምም። ጉበት ቢያመርትም ፍጆታው ሲበልጥ መጠኑ ይወርዳል።

ሁለቱም አብረው መውረዳቸው ይህን መንገድ ይጠቁማል። ከጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ በሚመጣ የኩላሊት ሕመም ሲ3 ይወርዳል፣ ሲ4 ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው።

የሚገርመው፣ ከትውልድ ሲ1ኪው የሌላቸው ሰዎች አብዛኞቹ በሉፐስ ይያዛሉ። ኮምፕሊመንት ጥፋት የሚያመጣ ከሆነ አለመኖሩ መጥቀም አልነበረበትም? ነገሩ፣ ሲ1ኪው የሞቱ ሴሎችን ከሚጠርጉትም አንዱ ነው። ጠራጊው ሲጠፋ ፍርስራሹ ይከማቻል።

ቁጥሩ የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። እርግዝናና ኢንፌክሽን የጉበትን ምርት ስለሚጨምሩ ፍጆታው ሊሸፈን ይችላል። ሲ4 የሚሠራው ጂን ቅጂ ያነሰበት ሰው ደግሞ ሳይታመምም ሲ4ው ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ውጤት ከራሷ ከሕመምተኛዋ የቀድሞ ውጤት ጋር ይነጻጸራል።

የልጅቷ የ24 ሰዓት ሽንት 2 ግራም ፕሮቲን ቢያሳይ፣ ከግማሽ ግራም በላይ ስለሆነ የኩላሊት ናሙና ይወሰዳል። ሕክምናው ከሠራ የዲኤንኤ ፀረ እንግዳ አካሏ ይቀንሳል፣ ሲ3 ከፍ ይላል፣ የሽንቷ ፕሮቲንም በወራት ውስጥ ይወርዳል። ሲ4 8 ላይ ቆሞ ሽንቷ ንጹሕ ከሆነና ሌላ ምልክት ከሌለ፣ ለቁጥሩ ብቻ ሲባል መድኃኒት አይጨመርም፤ ክትትሉ ግን ይቀጥላል።