የቪዲዮ ርዕስ ርዝመት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ዩቲዩብ 100 ፊደል ከፈቀደ ለምን አልሞላውም?»

100 የመጻፊያው ጣሪያ ነው። ተመልካቹ የሚያየው ግን ስልኩ ላይ የሚበቃውን ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በሦስት ነጥብ ይቆረጣል። የት እንደሚቆረጥ ደግሞ እንደ ስልኩ ስፋት፣ እንደ ጽሑፉ መጠንና ቪዲዮው እንደሚታይበት ቦታ ይለያያል። እናቶቻችን የስልካቸውን ጽሑፍ አተልቀው ነው የሚጠቀሙት፤ እነሱ ጋ ቶሎ ይቆረጣል።

«ከ60 ፊደል በታች ከሆነ ችግር የለውም ይባላል»

ይህ ምክር የመጣው ከእንግሊዝኛ ነው። ስክሪኑ የሚቆርጠው በስፋት እንጂ በቁጥር አይደለም፤ የእኛ ፊደላት ደግሞ አብዛኞቹ ሰፋ ያሉ ናቸው። ቁጥሩ ቢያንስ እንኳ ችግሩ አይቀርም። ይህን ርዕስ እዩት፦

«ሰላም ውድ ቤተሰቦቼ ዛሬ ደግሞ በጣም ቀላልና ጣፋጭ የሆነ የጾም ሽሮ ወጥ አሰራር»

ክፍት ቦታውን ጨምሮ 51 ነው። ከ60 በታች ነው ማለት ነው። ግን «የጾም ሽሮ» የሚጀምረው 38ኛው ላይ ነው። ስክሪኑ 35 ላይ ቢቆርጠው ምን ይቀራል? ሰላምታና ቅጽል ብቻ። ምግቡ ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ቋንቋችን ራሱ ነው። በአማርኛ ገላጩ ይቀድማል፣ ዋናው ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ እንደምናወራው ስንጽፍ ቁልፉ ቃል ሳይታወቀን ወደ ጅራት ይሄዳል። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን መስበር ነው፦

«የጾም ሽሮ ወጥ አሰራር፦ ቀላልና ጣፋጭ»

አሁን 24 ሆነ። ዋናው ነገር በመጀመሪያዎቹ 14 ውስጥ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ቢቆረጥም የሚጎዳ ነገር የለም። ሰላምታው ቪዲዮው ውስጥ ይሁን፤ እዚያ ያምራል።

«ቃሉ ርዕሱ ውስጥ እስካለ ድረስ ፍለጋው ያገኘዋል»

ሊያገኘው ይችላል። የሚጫነው ግን ሰው ነው። «የጾም ሽሮ» ብሎ የፈለገ ሰው ዝርዝሩን በአውራ ጣቱ እያሳለፈ ነው የሚያየው። የፈለገውን ቃል ካላየ ያልፋል።

«የቻናሌ ስም መጀመሪያ ላይ መሆን አለበት»

ስማችሁ ከርዕሱ ሥር ራሱ ይታያል። መድገም ቦታ ማባከን ነው።

«እንግዲያው በጣም ማሳጠር ነው»

እሱም አያዋጣም። «ሽሮ» ብቻ ብትሉ የወጡ አሰራር ይሁን የቅመሙ ዝግጅት አይለይም። ርዝመቱን ለመወሰን ቪዲዮውን ከለቀቃችሁ በኋላ በስልክ ቻናላችሁን ክፈቱና ዝርዝሩን እዩ። የስልኩን ጽሑፍ አተልቁና ደግማችሁ እዩት። ቁልፉ ቃል ከተቆረጠ ርዕሱን ማስተካከል ይቻላል፤ ቪዲዮውን እንደገና መጫን አያስፈልግም።

ተከታታይ ድራማ የምትለቁ ከሆነ ቁልፉ የድራማው ስምና የክፍሉ ቁጥር ነው። «ክፍል 12» መጨረሻ ላይ ከሆነ፣ ስልኩ ላይ ከክፍል 11 ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል።