ሦስት ቁራጭ ላስቲክ እና ሱፐርፖዚሽን፦ ልኬት የሚለውጠው ምኑን ነው?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስልክ የሚጠግን ጎረቤት አለኝ። ከተሰበረ ስክሪን ላይ የሚላጠውን ግራጫ ስስ ላስቲክ ድሮ ይጥለው ነበር፤ አሁን ለእኔ ያስቀምጥልኛል። ፖላራይዘር ይባላል። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ላይ ማታ ማታ ፊዚክስ የማስጠናቸው ልጆች አሉ፣ ስለ ኳንተም ሳወራቸው በእጄ የምይዘው ይህንኑ ላስቲክ ነው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ከቲክቶክ ይዘውት የሚመጡት ነገር ግን ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም በእጅ ሊነካ የሚችልን ነገር አስማት አድርጎ ይሰጣቸዋል። ደጋግመው የሚሉኝን በራሳቸው አባባል እያስቀመጥኩ ልመልስ።

«ሱፐርፖዚሽን ማለት አንድ ነገር በአንዴ ሁለት ነገር መሆን ነው አይደል?»

አይደለም። ስለ አቅጣጫ አስቡ። አንድ ሰው ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየሄደ ነው። ሰውዬው በአንዴ ሁለት ቦታ እየሄደ ነው ብሎ የሚደነቅ የለም። የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ያ አቅጣጫ በሰሜንና በምሥራቅ ሲገለጽ ብቻ ነው የሁለቱ እኩል ድምር የሚሆነው።

ብርሃንም እንደዚሁ ነው። የብርሃን ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ አለው፤ ፖላራይዜሽን የሚባለው እሱ ነው። ላስቲኩ በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ያሳልፋል፣ ከዚያ በ90 ዲግሪ የዞረውን ይውጣል። አሁን በ45 ዲግሪ ያጋደለ ፎቶን፣ ማለትም አንድ የብርሃን ቅንጣት፣ አለን እንበል። በቁምና በአግድም ሲገለጽ የሁለቱ ድምር ነው፤ ስለዚህ ሱፐርፖዚሽን እንለዋለን። በ45 ያጋደለ ላስቲክ ፊት ስታመጡት ግን ምንም ድምር የለበትም፣ በእርግጠኝነት ያልፋል። ያው አንድ ፎቶን ነው። የተለወጠው የምንጠይቀው ጥያቄ ነው። እና አንድ ሰው «ይሄ ነገር ሱፐርፖዚሽን ውስጥ ነው» ሲላችሁ «የምንና የምን?» ብላችሁ ጠይቁት።

«እሺ፣ እኛ አናውቀውም እንጂ ውስጡ ወይ ቁም ነው ወይ አግድም»

ይህን ያለኝ ልጅ «ወላሂ ሌላ ሊሆን አይችልም» ብሎ ተከራክሮኛል፤ እኔም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ይህ በሙከራ የሚፈተን ሐሳብ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለን ቆጠርነው።

በ45 ዲግሪ የተዘጋጁ 100 ፎቶኖች አሉን። የልጁ ሐሳብ ትክክል ቢሆን ኖሮ በድብቅ 50ዎቹ የቁም፣ 50ዎቹ የአግድም መሆን ነበረባቸው። የቁም ፎቶን በ45 ያጋደለ ላስቲክ ሲገጥመው የማለፍ ዕድሉ ግማሽ ነው። የአግድሙም ግማሽ። ስለዚህ 25 ሲደመር 25፣ በአማካይ 50 ያልፋል። በእውነተኛው ዓለም ግን (ላስቲኩ ራሱ የሚያባክነውን ትተን) 100ውም ያልፋሉ። 50 እና 100 በምንም መንገድ አይምታቱም። በድብልቅና በሱፐርፖዚሽን መካከል ያለው ልዩነት የቃል ሳይሆን የቁጥር ነው።

አንድ እርምጃ እንጨምር፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ካልሳይት የሚባል ግልጽ ድንጋይ አለ፤ የቁሙንና የአግድሙን ብርሃን በሁለት መንገድ ይለያያል። 100ዎቹን ለያይታችሁ በሁለቱ መንገድ መጨረሻ ላይ ዲቴክተር ብታስቀምጡ ወደ 50 እና 50 ትቆጥራላችሁ። ዲቴክተሩን አንስታችሁ ሁለቱን መንገድ በሌላ ካልሳይት መልሳችሁ ብታገናኙና የመንገዶቹን ርዝመት እኩል ብታደርጉ፣ የሚወጣው እንደገና የ45 ብርሃን ነው፤ 100ውም በ45ቱ ላስቲክ ያልፋል። አሁን አንደኛውን መንገድ በግማሽ የሞገድ ርዝመት ብቻ አስረዝሙት። ለቀይ ሌዘር ይህ 0.3 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ከመቶ እጅ በላይ ያነሰ። የሚያልፈው ወደ 0 ይወርዳል! ብርሃኑ ወደ ሌላኛው ወገን በ45 አጋድሎ ወጥቷል ማለት ነው።

እያንዳንዱ ፎቶን በድብቅ አንዱን መንገድ ብቻ ይዞ፣ ስለ ሌላው ምንም የሚያውቀው ነገር ባይኖር ኖሮ፣ የአንዱ መንገድ መርዘም የሁሉንም ዕጣ ሊለውጥ ባልቻለ ነበር። ሱፐርፖዚሽን ከሁለቱ አማራጮች ሌላ በመካከላቸው ያለውን ዝምድናም ይይዛል። ያ ዝምድና ፌዝ ይባላል። ይህን ቃል ያዙት፣ ልኬት ሲመጣ የሚጎዳው እሱ ነው።

«ልኬት እኮ ያለውን ማንበብ ነው፣ እንደ ሚዛን»

ሦስት ላስቲክ ይበቃል። አንዱን በቁም፣ ሌላውን በአግድም አድርጋችሁ ደራርቡና በአምፖል ፊት ያዙ። ይጨልማል። አሁን ሦስተኛውን በ45 አጋድላችሁ *በመካከላቸው* አስገቡት። ብርሃን ተመልሶ ይመጣል። ኮምቦልቻ ላይ መጀመሪያ ሳሳያቸው አንዷ ልጅ ላስቲኩን ነጥቃኝ ራሷ ሦስቴ ሞከረችው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የአምፖሉ ብርሃን በመጀመሪያው ላስቲክ ግማሹ ያልፋል። ያለፈው የቁም ነው። በ45ቱ የዚያ ግማሽ ያልፋል፣ ያለፈውም የ45 ይሆናል። በአግድሙ ደግሞ የዚያ ግማሽ። ስለዚህ ከመጀመሪያው 1/8 ይደርሳል። እውነተኛ ላስቲክ ትንሽ ስለሚያባክን ከዚያ ያነሰ ታያላችሁ። ላስቲክ ብርሃን መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም፤ ታዲያ እንዴት በዛ? መካከለኛው ላስቲክ ያለውን አንብቦ ስላላቆመ ነው። ያለፈውን ፎቶን የ45 አድርጎታል። «የቁም ነኝ» የሚለው የቀድሞ መረጃ ጠፍቷል፣ ለዚህ ነው በአግድሙ የማለፍ ዕድል ያገኘው።

ቤት ለምትሞክሩ፦ ላስቲኩ ከኤልሲዲ ስክሪን ይሁን። በአንዳንድ ስልኮች፣ በተለይ በኦሌድ ስክሪን ላይ ያለው ሌላ ስስ ንብርብር ተለጥፎበታል፣ ፖላራይዜሽኑን ይቀይረዋል። መፈተኛው ይኸው ነው፦ ሁለቱን ደራርባችሁ አንዱን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። በአንድ ቦታ ላይ ካልጨለመ ገልብጡት፤ አሁንም ካልጨለመ ሌላ ፈልጉ። በመካከል ፕላስተር ወይም ሙጫ ካለ ደግሞ ቀለም ቀለም ይታያችኋል፣ ያኔም አትመኑት።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ይህን የአምፖል ሙከራ የድሮው የሞገድ ፊዚክስም በደንብ ያስረዳዋል። ኳንተም የግድ የሚሆነው ፎቶን አንድ በአንድ ሲላክ ነው። ሞገድ ግማሹ ሊያልፍ ይችላል፤ ግማሽ ፎቶን ግን የለም፣ ወይ ሙሉው ያልፋል ወይ ሙሉው ይዋጣል። እ.ኤ.አ. በ1986 ግራንዥዬ፣ ሮዤ እና አስፔ ፈረንሳይ ውስጥ ነጠላ ፎቶኖችን ብርሃን ወደሚከፍል መስታወት ላኩ። በሁለቱም መውጫ ዲቴክተር ሲኖር ፎቶኑ የተገኘው በአንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ መንገዶች ሲገናኙ ግን እነዚያው ነጠላ ፎቶኖች ሁለቱንም መንገድ የሚያውቁ ይመስል ኢንተርፈረንስ አሳዩ፤ ማለትም እንደ ካልሳይቱ የመንገዶቹ ርዝመት ልዩነት ውጤቱን ይለውጠው ነበር።

«መምህር፣ ሰው ሲያየው ነው የሚወሰነው። ንቃተ ህሊና ነው»

ወደ ካልሳይቱ እንመለስ። በአንደኛው መንገድ ላይ የሚያልፍ ፎቶን ዱካ እንዲተው አድርጉ፤ ማለትም ሌላ ነገር፣ አንዲት አቶምም ብትሆን፣ በማለፉ ምክንያት ሁኔታዋ በግልጽ ይለወጥ። ከዚያ መንገዶቹን አገናኙ። በ45ቱ ላስቲክ የሚያልፈው 100 መሆኑ ቀርቶ 50 ይሆናል። መንገዱን በግማሽ ሞገድ ብታስረዝሙትም ያው 50 ነው። ፌዙ ከፎቶኑ ብቻ የሚነበብ መሆኑ ቀርቷል፣ በፎቶኑና በዱካው መካከል ተበትኗል። ክፍሉ ውስጥ ማንም ባይኖር፣ ዱካውንም ማንም ባያነበው ለውጥ የለውም። ወሳኙ ጥያቄ «ማን አየ?» አይደለም። «ዱካ ቀርቷል ወይ?» ነው።

ለዚህ በጣም የምወደው ማስረጃ የቪየናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎች 70 የካርቦን አቶም ያላቸውን ሞለኪውሎች በሌዘር እያሞቁ በኢንተርፈረንስ መሣሪያ ውስጥ አሳለፉ። ቀዝቀዝ ሲሉ ኢንተርፈረንሱ በደንብ ይታያል። ሙቀቱ ከ2,000 ኬልቪን በላይ እየጨመረ ሲሄድ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ጠፋ። ለምን? የጋለ ብረት እንደሚያበራ፣ የጋለው ሞለኪውልም በመንገዱ ላይ ብርሃን ይለቃል፤ የለቀቀው ብርሃን ደግሞ የት እንደነበረ ይናገራል። ማንም ያንን ብርሃን ሰብስቦ አላነበበውም። እናም ልብ በሉ፣ በአንዴ አልጠፋም፣ ዱካው በጠነከረ ቁጥር ነው የደበዘዘው። ሰው አይቶ የሚወስን ቢሆን ይህን ከቴርሞሜትር ጋር የሚሄድ መደብዘዝ ከየት እናመጣው ነበር?

አንዳንዱ «እሺ፣ ታዲያ ስለተነካ ነው የተረበሸው» ይላል። እሱም ሙሉ አይደለም። መስታወት ፎቶንን ይነካል፣ ገፍቶም ይመልሰዋል፤ ኢንተርፈረንሱ ግን አይጠፋም፣ ምክንያቱም ግፊቱ ለዚያ ሁሉ መስታወት እጅግ ትንሽ ስለሆነ ተለይቶ የሚታወቅ ዱካ አይተውም።

«ስለዚህ ሐሳቤን ካስተካከልኩ የምፈልገውን ውጤት መሳብ እችላለሁ?»

አትችልም። የ45 ፎቶን የቁም ላስቲክ ሲገጥመው የማለፍ ዕድሉ 1/2 ነው፤ የተናደደም የጸለየም ሰው ቢይዘው ያው ነው። የምትመርጠው ላስቲኩን በምን ያህል ዲግሪ እንደምታጋድለው ነው። 30 ዲግሪ ከፎቶኑ ብታርቀው 3/4፣ 60 ብታርቀው 1/4 ያልፋል። ከዚያ በኋላ የትኛው ፎቶን እንደሚያልፍ የምትመርጥበት መንገድ የለህም።

በፊዚክስ ሊቃውንት መካከል ገና ያልተዘጋ ክርክር አለ፣ እሱን አልደብቅህም። ዱካው ኢንተርፈረንሱን ለምን እንደሚያጠፋ በስሌት እናሳያለን። በዚች ዙር ይሄኛው ዲቴክተር ለምን ጮኸ፣ ያኛውስ ለምን ዝም አለ የሚለውን ግን ያ ስሌት ብቻውን አይመልስም። አንዱ ወገን ሁለቱም ይሆናሉ፣ እኛ በአንዱ ቅርንጫፍ ነን ይላል። ሌላው የኳንተም እኩልታው ራሱ መሻሻል አለበት ይላል። ሌላው ደግሞ ስሌቱ የሚሰጠን ዕድልን ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ አትጠይቁት ይላል። ሁሉም ግን ለሦስቱ ላስቲኮች ያንኑ 1/8 ይሰጣሉ።