አርተሪ ማለት ኦክስጅን ያለው ደም ማለት አይደለም፦ የደም ዝውውር ምዕራፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ። ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችንም አስጠናለሁ። የደም ዝውውር ምዕራፍ ላይ በደረስን ቁጥር ያቺው ዓረፍተ ነገር ትመጣለች። ደብተር ላይ ተሰምሮባት፣ ዙሪያዋን በሳጥን ታጥራ። ተማሪው የሸመደደው ከታላቅ ወንድሙ ኖት ነው፤ ወንድምየውም ከሌላ ሰው። ነጥብ የምታስጥለውም እሷው ናት። ስለዚህ ከእሷ እጀምራለሁ። ጥያቄዎቹን ያስቀመጥኳቸው ተማሪዎች በሚጠይቁኝ አነጋገር ነው።

«ቲቸር፣ አርተሪ ኦክስጅን ያለው ደም፣ ቬይን ኦክስጅን የሌለው ደም። ይህን ብቻ ብይዝ አይበቃኝም?»

አይበቃም፤ ስህተት ነው። አርተሪ ደምን ከልብ ይዞ የሚወጣ የደም ሥር ነው። ቬይን ደምን ወደ ልብ የሚመልስ ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ውስጡ ኦክስጅን የሚባል ቃል የለም። የአማርኛ ስማቸውን ብቻ ብታስተውሉ እንኳ ይበቃችሁ ነበር፦ ደም ቅዳ እና ደም መልስ። «መልስ» የተባለው ደሙን ወደ ልብ ስለሚመልስ ነው። ስሙ የሚናገረው ስለ መንገዱ እንጂ ስለ ጭነቱ አይደለም።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ከግራ ቬንትሪክል በአኦርታ የሚወጣው ደም ከሳንባ የመጣ ነው፤ ኦክስጅኑ ሙሉ ነው። ወደ ጭንቅላት፣ ወደ ኩላሊት፣ ወደ እግር የሚሄዱት አርተሪዎች ሁሉ የአኦርታ ቅርንጫፎች ናቸው። ስለዚህ እዚያ ሁሉ ሽምደዳው ያስኬዳል። ሳንባ ጋ ሲደርስ ግን ይገለበጣል። የቀኝ ቬንትሪክል ኦክስጅኑ የቀነሰውን ደም ወደ ሳንባ የሚልከው በፐልሞናሪ አርተሪ ነው። ኦክስጅን የጫነው ደም ወደ ግራ አትሪየም የሚመለሰው ደግሞ በፐልሞናሪ ቬይኖች ነው። ፈተና አውጪ የሚጠይቀውም በአብዛኛው እዚሁ ላይ ነው፤ የገባውን ከሸመደደው የሚለየው እዚህ ነዋ።

ሌላ ማስረጃ ከፈለጋችሁ እትብትን ተመልከቱ። እትብት ውስጥ ሁለት አርተሪ እና አንድ ቬይን አለ። አርተሪዎቹ ከፅንሱ ልብ የመጣውን ደም ወደ እንግዴ ልጅ ይወስዳሉ፤ ኦክስጅኑ አነስተኛ ነው። ቬይኑ ከእናት የተገኘውን ኦክስጅን ይዞ ወደ ፅንሱ ይመለሳል። ደንቡ እዚህም አልተለወጠም፦ ከልብ የሚወጣ አርተሪ፣ ወደ ልብ የሚመለስ ቬይን።

አንድ ጊዜ ለልምምድ ይህን ጥያቄ ሰጠሁ። ከልብ ጋር የተገናኙ አራት የደም ሥሮች ተለክተዋል። ግፊቱ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ መቶኛው ኦክስጅን የተሸከመውን ሄሞግሎቢን ያሳያል።

ሀ. ግፊት 120/80፣ ኦክስጅን 98 በመቶ
ለ. ግፊት 25/10፣ ኦክስጅን 75 በመቶ
ሐ. ግፊት 8 ገደማ፣ ኦክስጅን 98 በመቶ
መ. ግፊት 3 ገደማ፣ ኦክስጅን 75 በመቶ

የትኞቹ አርተሪ ናቸው? ከክፍሉ ጎበዝ የምትባለው ተማሪ ሳታመነታ «ሀ እና ሐ» ብላ ጻፈች። 98 የሚለውን አይታ ነው። ግፊቱን ዞር ብላም አላየችውም።

አብረን እንደገና ሠራነው። መጀመሪያ ኦክስጅኑን በእጇ እንድትሸፍን አደረግኳት። ቀረላት ግፊቱ ብቻ። ሀ እና ለ ሁለት ሁለት ቁጥር አላቸው። ትልቁ ቁጥር ቬንትሪክል ሲኮማተር ያለው ግፊት ነው፤ ትንሹ ቁጥር ቬንትሪክል ሲያርፍ ያለው። እንዲህ ከፍ ዝቅ የሚለው ገና ከቬንትሪክል የወጣ ደም ነው። ስለዚህ ሀ እና ለ አርተሪ ናቸው። ሐ እና መ ላይ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ከፍና ዝቅታውም እዚህ ግባ አይባልም። ደሙ በቀጫጭን ካፒላሪዎች አልፎ ግፊቱን ጨርሶ የመጣ ነው። ስለዚህ ቬይን ናቸው።

ከዚያ እጇን አነሳች። አሁን ኦክስጅኑ ሌላ ጥያቄ ይመልስላታል፦ ደሙ ከሳንባ እየመጣ ነው ወይስ ከተቀረው ሰውነት? 98 የሆነው በሳንባ ያለፈ ነው። 75 የሆነው ሰውነት ከተጠቀመበት በኋላ የመጣ። እንግዲህ ሀ አኦርታ፣ ለ ፐልሞናሪ አርተሪ፣ ሐ ፐልሞናሪ ቬይን፣ መ ቬና ካቫ። ልጅቷ መልሷን ሰረዘችና «ታዲያ ኦክስጅኑ አርተሪ ይሁን ቬይን ጭራሽ አይነግረኝም ማለት ነው» አለች። አዎ። እኔም ስለው የኖርኩት ይህንኑ ነው።

ፈተና ላይ ቁጥር ሳይሆን የተቆረጠ የደም ሥር ሥዕል ቢመጣም አካሄዱ ያው ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ግፊት የሚችል አርተሪ ነው። ግድግዳው ስስ፣ ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ቬይን ነው። በሥዕሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ከተቀባ ግን ቀለሙን አትከተሉ። ቀለሙ የሚያሳየው ኦክስጅኑን ነው።

«ቬይን ውስጥ ያለው ደም ግን በእውነት ሰማያዊ ነው አይደል?»

አይደለም። ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ሰማያዊ የሚመስለው ብርሃን በቆዳ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ ነው።

«እሺ፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ግን ኦክስጅን የለውም ስንባል አልተማርንም?»

ከላይ ያለውን 75 በመቶ ተመልከቱ። ሰው አርፎ በተቀመጠበት ሰዓት ሰውነቱ ከሄሞግሎቢኑ ጭነት የሚያወርደው አንድ አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ሦስት አራተኛው ሳይነካ ይመለሳል። ሩጫ ሲጀምር ጡንቻው ከዚያ ተቀማጭ ብዙ ይወስዳል። ስለዚህ ስትጽፉ «ኦክስጅን የሌለው ደም» አትበሉ፤ «ኦክስጅኑ የቀነሰ ደም» በሉ።

«የግራ ቬንትሪክል ግድግዳ የሚወፍረው ብዙ ደም ስለሚረጭ ነው?»

ይህ ሁለተኛው የሚያናድደኝ ነው። በየዓመቱ በጽሑፍ መልስ ላይ ይመጣል። ሁለቱ ቬንትሪክሎች የሚረጩት እኩል ነው። ያረፈ ጎልማሳ ልብ በአንድ ምት ከእያንዳንዱ ቬንትሪክል 70 ሚሊ ሊትር ያህል ያወጣል። በደቂቃ 72 ጊዜ ቢመታ 5 ሊትር ገደማ ይሆናል። በግራም 5፣ በቀኝም 5።

ካላመናችሁ አስሉት። ግራው በየምቱ ከቀኙ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ አብልጦ ይርጭ እንበል። በደቂቃ 72 ሚሊ ሊትር ትርፍ ይሆናል። ይህ ትርፍ ደም ከየት ይመጣል? ግራውን የሚሞላው ከሳንባ የሚመጣው ደም ብቻ ነው። ሳንባ ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው ደም ደግሞ ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። 500ን ለ72 አካፍሉት። 7 ደቂቃ ሳይሞላ ሳንባው ባዶ ይቀር ነበር። ሁለቱ ፓምፖች አንዱ የሌላውን የሚቀበል የአንድ ቀለበት ክፍሎች ናቸው። መበላለጥ አይችሉም።

መበላለጥ ሲጀምሩ በሽታ ነው። የግራ ቬንትሪክል ሲደክም ቀኙ መላኩን ይቀጥላል፤ ግራው ግን የመጣለትን ያህል አያወጣም። ደም ሳንባ ውስጥ ይከማቻል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ፈሳሽ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይገባል። አያቴ በመጨረሻው ዓመቷ ሦስት ትራስ ካልደረበች መተኛት አትችልም ነበር። ጋደም ስትል ከእግሯ የሚመለሰው ደም ይበዛና ትንፋሿ ይቆረጣል። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ነገሩ የገባኝ ይህን ምዕራፍ ስማር ነው።

ታዲያ ግድግዳው ለምን ወፈረ? ለግፊት ነው። የቀኙ ደሙን የሚልከው እዚያው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ነው፤ የሳንባ የደም ሥሮችም በቀላሉ ያሳልፋሉ። 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይበቃዋል። ግራው ግን ከጭንቅላት እስከ እግር ጣት መድረስ አለበት፣ የሚገጥመው መቋቋምም ከፍተኛ ነው። 120 ያስፈልገዋል። ለዚህ ነው ግድግዳው ሦስት እጥፍ ያህል የሚወፍረው። በመልሳችሁ ላይ «ከፍተኛ ግፊት» እና «መላ ሰውነት» የሚሉትን ሁለት ነገሮች ጻፉ። «ብዙ ደም» ብላችሁ ከጻፋችሁ ነጥቡ ሄደ።

«መጀመሪያ ቀኙ ይመታል፣ ደሙ ሳንባ ደርሶ ሲመጣ ግራው ይመታል?»

አይደለም። ሁለቱ አትሪየሞች አንድ ላይ ይኮማተራሉ፤ ቀጥሎ ሁለቱ ቬንትሪክሎች አንድ ላይ። ግራ የሚያጋባችሁ የአንዲትን የደም ጠብታ መንገድ ስትከተሉ ነው። ጠብታዋ በቀኝ ገብታ፣ በሳንባ ዞራ፣ በግራ ትወጣለች። ያ የጠብታዋ ጉዞ ነው እንጂ የልቡ አመታት ቅደም ተከተል አይደለም። እሷ ከቀኝ ስትወጣ፣ ቀደም ብላ ሳንባ ደርሳ የተመለሰች ሌላ ጠብታ በዚያችው ቅጽበት ከግራ ትወጣለች።

«ሥዕሉ ላይ በግራ ያለው ለምን ቀኝ ይባላል?»

የልቡ ባለቤት ፊት ለፊታችሁ ስለቆመ። የሱ ቀኝ የእናንተ ግራ ነው።

«ልብ ሁልጊዜ ደም የሞላበት ነው። ለራሱ የሚሆነውን ኦክስጅን ከዚያው አይወስድም?»

ከውስጠኛው ስስ ሽፋን በስተቀር አይወስድም። የግራ ቬንትሪክል ግድግዳ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ኦክስጅን ይህን ያህል ርቀት በስርገት ብቻ አልፎ አይደርስም። ስለዚህ ልብም እንደማንኛውም ጡንቻ የራሱ አርተሪዎች አሉት። ኮሮናሪ አርተሪ ይባላሉ። የሚነሱት ከአኦርታ መነሻ ላይ፣ ልክ ከቫልቩ በላይ ነው። ልብ ከሚረጨው ደም መጀመሪያ የሚደርሰው ለራሱ ነው ማለት ነው። አንዱ ኮሮናሪ ከተደፈነ የሚመግበው ጡንቻ ይሞታል። ግድግዳው ሲሞት ክፍሉ ውስጥ፣ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ማዶ፣ 98 በመቶ ኦክስጅን የጫነ ደም ሞልቶ ይገኛል።