የባንክ የአደራ ሳጥን ምንድን ነው? ወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ የቡና ገንዘቧን ሰብስባ ባለ 21 ካራት አምባሮች ገዛች፤ በጠቅላላ 30 ግራም። ጅማ እቤቴ መጥታ ከመሐረብ ፈታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸውና «ጋሼ፣ አሁን የት ላኑራቸው?» አለችኝ። ጥያቄዎቿ የብዙ ጀማሪ ገዢ ጥያቄዎች ስለሆኑ እንዳነሣቻቸው አቀርባቸዋለሁ።

እቤት ባስቀምጠውስ?

30 ግራም ወርቅ ቢቀልጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። ለመደበቅ የሚያመቸው ይህ ትንሽነቱ ለሌባም ያመቻል፤ ኪስ ከገባ አይታይም፣ ከቀለጠ ደግሞ የማን እንደነበረ የሚናገር ምልክት አይቀርበትም። ሌባ አስቀድሞ የሚፈትሸው መኝታ ቤት፣ ፍራሽ ሥርና ቁም ሣጥን ነው። «ትንሽ የብረት ካዝና ልግዛ?» ላለችው፣ ካዝና የሚጠብቀው ከሲሚንቶ ወለል ጋር በብሎን ሲታሰር ብቻ ነው። የእሷ ቤት የጭቃ ቤት ነው፤ ብሎኑ ከጭቃው ተነቅሎ ካዝናው ከነወርቁ ይሄዳል።

የጅማ ዝናብና እርጥበት ወርቁን አያበላሸውም። የሚጎዳው ደረሰኙን ነው፤ ወረቀቱ ይሻግታል፣ በማሽን የታተመው ጽሑፍም ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል።

የአደራ ሳጥን ታዲያ ምንድን ነው?

በባንክ ካዝና ክፍል ውስጥ በኪራይ የሚሰጥ፣ ቁጥር ያለው ትንሽ የብረት ሳጥን ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ አለው፦ አንዱ በባንኩ፣ ሌላው በአንቺ እጅ ይሆናል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም። ስትሄጂ መታወቂያሽ ይታያል፣ መዝገብ ላይ ትፈርሚያለሽ፣ ሠራተኛው የባንኩን ቁልፍ አዙሮ ፈቀቅ ይላል። ምን እንዳስገባሽ አይቆጥርም፣ አይመዝንም።

ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ባንኩ ያከራየሽ ቦታ ነው እንጂ ወርቅሽን ቆጥሮ አልተረከበም። ገንዘብ በሒሳብ ሲቀመጥ የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር ድረስ ዋስትና ይሰጣል፤ ሳጥን ውስጥ ያለ ወርቅ ግን ተቀማጭ ገንዘብ አይደለም። ጉዳት ቢደርስ ባንኩ ምን ያህል እንደሚከፍል የሚወስነው የኪራይ ውሉ ነው፤ ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ስለ ኃላፊነት የሚናገረውን አንቀጽ አንብቢ። ውስጡ ምን እንደነበረ የማስረዳት ሸክምም ያንቺ ነው። አምባሮቹን አንድ በአንድ በሚዛን ላይ አስቀምጠን ግራሙ እየታየ ፎቶ አነሣናቸው፤ ደረሰኙንም ቅጂ አስደርገን ከወርቁ በተለየ ቦታ አኖርነው።

ቁልፉ ቢጠፋብኝ ወይም ብሞትስ?

ቁልፉ ከጠፋ መቆለፊያው ይሰበራል፤ ወጪው አብዛኛውን ጊዜ የተከራዩ ነው። ሞት ግን ከባድ ነው። ሳጥኑ በአንድ ሰው ስም ብቻ ከሆነ፣ ቤተሰብ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እስኪያመጣ ድረስ ይዘጋል። ባንኩ የሚፈቅድ ከሆነ ሁለት ሰው በጋራ መከራየት ይሻላል። እናቷን አብራ እንድታስመዘግብ መክሬያታለሁ፤ ከአንዳቸው ሞት በኋላ ሌላዋ መክፈት መቻሏን ግን አስቀድማ ትጠይቅ፣ ውሉ ይለያያልና።

ኪራዩ ያዋጣል?

በብር ሳይሆን በግራም አስቢው። የዓመቱ ኪራይ የአንድ ግራም ዋጋ ያህላል እንበል። 30 ግራም ያለው ሰው በ10 ዓመት 10 ግራም፣ ማለትም የወርቁን ሲሶ፣ ለጥበቃ ከፈለ። 100 ግራም ያለው ግን በዚያው ጊዜ የሚከፍለው አንድ አሥረኛውን ነው። በጅማ ያለ ቅርንጫፍ ሁሉ ይህን አገልግሎት አይሰጥም፤ ለአንድ ሳጥን ሲባል አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መመላለስ ካለ ደግሞ ትራንስፖርቱና ወርቅ ይዞ የመንገድ ሥጋቱ ከኪራዩ ይበልጣል።

የወርቅ ግምጃ ቤት የሚሉትስ?

እንደ ለንደንና ዙሪክ ባሉ ከተሞች ለባንኮችና ለትልልቅ ባለሀብቶች ጡብ ወርቅ የሚጠብቁ ድርጅቶች አሉ፤ አንዱ ትልቅ ጡብ ብቻውን 12.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እዚያ ዋናው ጥያቄ ወርቁ በቁጥሩ ተለይቶ በስምሽ ተመዝግቧል ወይ የሚለው ነው። ካልተለየ ያለሽ ወርቅ ሳይሆን ድርጅቱ ላንቺ ያለበት የወርቅ ዕዳ ነው፤ ድርጅቱ ቢከስር ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ተሰልፈሽ ትጠብቂያለሽ። ለ30 ግራም አምባር ይህ መንገድ አይሆንም።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ለዘወትር የምታደርገውን አንዱን 6 ግራም አምባር እጇ ላይ አስቀረች። የቀረውን 24 ግራም በጅማ አንድ ቅርንጫፍ ከእናቷ ጋር በጋራ በተከራዩት ሳጥን አስገባች። ቁልፉን ይዛ ስትወጣ የሳጥኑን ቁጥር ቁልፉ ላይ እንዳትጽፍ ነገርኳት።