የመጨረሻው ፍሬም መነሻ ሲሆን፦ ጎንደርን በአጫጭር ክሊፖች መስፋት

በኤአይ ቪዲዮ መሥራት የጀመረ ሰው ቶሎ የሚደርስበት ገደብ አለ። ብዙዎቹ ሞዴሎች በአንድ ጊዜ የሚሰጡት ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ረዘም ያለ ነገር የፈለገ ሰው እንግዲህ ክሊፖቹን ይሰፋል፤ አንዱ ክሊፕ ያለቀበት ምስል የቀጣዩ መነሻ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚጀምረው በቀላሉ መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ክሊፕ ያወጣል፣ የመጨረሻ ፍሬሙን ffmpeg በሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራም በዚህ ትእዛዝ ይቆርጣል፣ ከዚያ ላይ ይቀጥላል።

```
ffmpeg -sseof -1 -i 1.mp4 -update 1 last.png
```

ለሁለት ክሊፕ ይሠራል። ወደ አራተኛው ሲጠጋ ግን የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ይሆናል፤ ቀለሙ ይደምቃል፣ የድንጋዩ ሸካራነት ይጠፋል፣ የጎንደሩ ግንብ ልስን የተለሰነ ይመስላል። ሞዴሉ ደግሞ ከፍሬሙ ውጭ ያለውን አያውቅም። የዐፄ ፋሲል ግንብ በአራት ማዕዘኑ አራት ክብ ማማዎች አሉት። ካሜራው ዞር ብሎ ሲመለስ ግን ሞዴሉ ከራሱ ይፈጥራል፣ አምስተኛ ክብ ማማ ቢጨምርም ምንም አይመስለው። ጎንደሬ ደግሞ ወዲያው ያያታል።

ስለዚህ መጋጠሚያዎቹን አስቀድሞ መወሰን ይሻላል። መነሻና መድረሻ ፍሬም አንድ ላይ የሚቀበሉ ሞዴሎች አሉ፤ ሁለት ምስል ትሰጣቸዋለህ፣ መሀሉን እነሱ ይሞላሉ። ለአራት ክሊፕ አምስት ምስል ይበቃል። ምስሎቹ በስልክ የተነሱ እውነተኛ ፎቶዎች ቢሆኑ ደግሞ ማማው አይበዛም፣ ቀለሙም በየመጋጠሚያው ወደ ትክክለኛው ይመለሳል።

ከፋሲል ግቢ ተነስተን ጥምቀተ ባሕሩ ጋ የሚደርስ አንድ ጉዞ እናስብ። በእግር 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በቪዲዮው ግን ካሜራው በግንቡ በር ገብቶ በውሃው ዳር መውጣት አለበት። አምስቱ ምስሎች እነዚህ ናቸው፦ ግንቡ ከሩቅ፣ በሩ ፍሬሙን ሞልቶ፣ የበሩ ውስጥ ጨለማ፣ ከጨለማ ብቅ ሲሉ የሚታየው የጥምቀተ ባሕሩ አጥርና ድንጋዩን የጨበጠው የዛፍ ሥር፣ በመጨረሻ ውሃው። ሁሉንም ፎቶ በተቀራራቢ ሰዓት፣ በተመሳሳይ የሌንስ ስፋት አንሳ። ግንቡን በጠዋት፣ ውሃውን በቀትር ካነሳህ ጥላው ይክድሃል።

ሁለቱ ምስሎች በጣም ከተራራቁ ሞዴሉ መንገድ አጥቶ አንዱን በአንዱ ላይ ያቀልጠዋል። ግንቡን ከሩቅ ሰጥተኸው በ5 ሰከንድ ውሃው ጋ ድረስ ብትለው ድንጋዩ እንደ ቅቤ ይቀልጥና ባሕር ይሆናል። ጨለማው የገባው ለዚህ ነው። ምንም የማይታይበት ፍሬም ከሁለቱም ቦታ ጋር ይገጥማል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ። ፍሬሞቹ ፍጹም ገጥመውም ቪዲዮው እየቆመ የሚሄድ ሊመስል ይችላል፤ አዘዞ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠህ ሾፌሩ በየመቶ ሜትሩ ፍሬን ሲይዝ እንደማለት ነው። አንድ ፍሬም ነገሩ የት እንዳለ ያሳያል እንጂ ስንት እየሮጠ እንደሆነ አያሳይም። ሞዴሉ መድረሻው ላይ በትክክል ለማረፍ ካሜራውን ያቀዘቅዛል፣ ቀጣዩ ክሊፕ ደግሞ ከቆመበት ይነሳል። በፕሮምፕቱ ላይ በየክሊፑ «ካሜራው በአንድ ፍጥነት ወደፊት ይሄዳል» የሚል አንድ ዓይነት ቃል መድገም ይረዳል፣ ግን ሁልጊዜ አያድንም። ካልዳነ ቀሪው ኤዲቲንግ ላይ የክሊፑን የመጨረሻ ግማሽ ሰከንድና የቀጣዩን መጀመሪያ ማፍጠን ነው። ጨለማው ላይ ያለው መጋጠሚያ ይህን አይፈልግም፣ ፍጥነቱን የሚያይ ዓይን የለማ!

ሌላም ትንሽ ነገር አለ። መጋጠሚያው ላይ ያለው ፍሬም በሁለቱም ክሊፖች ውስጥ ስላለ ካልተቆረጠ ሁለት ጊዜ ይታያል፣ ምስሉም ለቅጽበት ያነክሳል። ከቀጣዩ ክሊፕ የመጀመሪያዋን ፍሬም ጣላት። በሰከንድ 24 ፍሬም ቢሆን፣ አራት ባለ 5 ሰከንድ ክሊፖች 480 ፍሬም ናቸው፤ ሦስት መጋጠሚያ ስላለ 477 ይቀራል። ተመልካች ማነሱን አያውቅም።

ሰው የበዛበት ቦታ ላይ መጋጠሚያ አታድርግ። የጥር 11 ሕዝብ አምሮህ ከሆነ በአንድ ክሊፕ መሀል ይግባና በዚያው ይውጣ፣ ምክንያቱም ነጭ ጋቢ የለበሰው ሰው መጋጠሚያውን ተሻግሮ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ፊት ይዞ ነው። ውሃም እንደዚያው ነው። ሞገዱ ወዴት ይሄድ እንደነበር ፎቶው ስለማይናገር ቀጣዩ ክሊፕ ላይ ወደ ኋላ ሊፈስ ይችላል። ውሃው እዚህ አምስተኛው ምስል ላይ የቀረው ለዚህ ነው፣ ከሱ በኋላ የሚሰፋ የለም።