«የዘፈን ዳር ዳርታው እስክስታ ነው»

ፒያሳ አካባቢ ቁርስ የምንበላበት አንድ ቤት አለ። በአንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባችን ከታላቃችን አጠገብ ተቀመጠና «ጋሼ፣ ዘንድሮ ኑሮው እንዴት ነው?» ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ ስለ ቤት ኪራይ አወራ። ከዚያ ወሩ እንደረዘመ ተናገረ። ሰውዬው ፉላቸውን ሳይተዉ «ልጄ፣ የዘፈን ዳር ዳርታው እስክስታ ነው፤ ስንት ፈልገህ ነው?» አሉት። ወጣቱ እየሳቀ አንገቱን አቀረቀረ።

ተረቱ የሚነገረው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ዳር ዳር ማለት ወደ መሐል ሳይገቡ ጠርዙን መዞር ነው፤ ዳር ዳርታ የዚያ ስም ነው። ምስሉ ከጭፈራ ቦታ የመጣ ነው። ዘፈኑ በለሆሳስ ሲጀመር፣ ጭብጨባው ሲሰበሰብ፣ ገና ማንም አልተነሣም። ነገር ግን ሁሉም ትከሻ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ዙሪያ ጥምጥም የሚናገር ሰውም እንደዚያው ነው፤ አድማጩ መድረሻውን ከአካሄዱ አስቀድሞ ያነበዋል። በኑሯችን ይህንን ተረት ትንሽ በጥርጣሬ ነው የምንጠቀምበት፣ «ነቅቼብሃለሁ» እንደ ማለት። ሙዚቃን ያጠኑ ሰዎች ግን ዘፈን ለምን ሆድ እንደሚያባባ ሲያስረዱ የደረሱበት ነገር ከዚህ ተረት ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ፣ በዘፈን ጊዜ ዳር ዳርታውን አድማጩ ራሱ ይፈልገዋል።

አሜሪካዊው ሌናርድ ሜየር በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ መነሻ ያደረገው ምሳሌ ሙዚቃ አልነበረም፤ ሲጋራ የለመደ ሰው ነበር። ሰውዬው እጁን ወደ ኪሱ ሰደድ አድርጎ ሲጋራውን ቢያገኝ ምንም አይሰማውም፤ ያጨሳል፣ ያበቃል። ኪሱ ባዶ ከሆነ፣ ቤቱም ውስጥ ከሌለ፣ ሱቁም ከተዘጋ ግን መቁነጥነጥ፣ ቀጥሎም መናደድ ይጀምራል። ስሜት የሚወለደው የጀመርነው ነገር መንገድ ላይ ሲያዝ ነው ይላል ሜየር። ሙዚቃም ጆሯችንን አንድ ነገር እንዲጠብቅ ያደርገውና ያንኑ ነገር ያዘገይበታል። ከሲጋራው የሚለየው፣ ዘፈኑ ያሰረውን ራሱ መልሶ መፍታቱ ነው።

በእኛው ቅኝት እንየው። ትዝታ በዋናው መልኩ አምስት ድምፆች አሉት፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ። ማሲንቆው ከላይ ተነሥቶ ላ፣ ሶ፣ ሚ እያለ ይወርዳል እንበል። ከልጅነታችን ጀምሮ በታክሲም በሠርግም የሰማነው ስለሆነ ማንም ሳያስተምረን መውረጃው ዶ ላይ እንደሚያርፍ እናውቃለን። ባለ ማሲንቆው ሬ ላይ ደርሶ ይቆማል። ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል። ወደ ሚ ተመልሶ እንደገና ሬ ይላል። ዶ አንድ እርምጃ ቀርታለች፤ እርሱ ግን አይሰጥም። በዚህ ጊዜ ዙሪያውን ብትመለከቱ ብርጭቆ ያነሣ ሰው እጁን አየር ላይ ይዞ ታያላችሁ።

በዚያች ቅጽበት ውስጥ የሚሆነውን ዴቪድ ሂዩረን የተባለው ተመራማሪ በ2006 እ.ኤ.አ. ለአምስት ከፍሎታል። ሁለቱ ዶ ከመምጣቷ በፊት ናቸው። መጀመሪያ መድረሻውን በሐሳብ ቀድመን እናየዋለን፤ ጊዜው ሲቀርብ ደግሞ ሰውነት ይወጠራል፣ ትንፋሽ ይያዛል። ሦስቱ ዶ ከመጣች በኋላ ናቸው። ግምታችን ስለ ሠመረ ደስታ ይሰማናል፤ ድንገተኛ ነገር ከሆነም ሳናስብ የምንሰጠው ፈጣን ምላሽ አለ፤ በመጨረሻ ረጋ ብለን «እንዴት አሳመረው!» እንላለን። ከአምስቱ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ አንድ አስተያየቱ ነው። ግምታችን ስለ ሠመረ የተሰማንን ደስታ አእምሮ ለራሱ ጉብዝና አይሰጠውም፤ ለድምፁ ይሰጠዋል። ስለዚህ ዶ ራሷ ጣፋጭ ትመስለናለች። ከፊቷ ያለው ውጥረት መጥፎ ስሜት ስለሆነም ከእርሱ ጋር ስትነጻጸር ይበልጥ ትጣፍጣለች፤ ጠባብ ጫማ ሲወልቅ እንደሚሰማው ዓይነት እፎይታ።

ሜየርም ሆነ ተከታዮቹ በብዛት የጻፉት ስለ አውሮፓ ሙዚቃ ነው። እዚያ ውጥረቱን የሚሸከመው በአንድ ጊዜ የሚመቱ ድምፆች ጥምረት ነው። አዝማሪ በአንዲት የማሲንቆ ጅማት እንዲህ ያለ ጥምረት የለውም፤ እርሱ ውጥረቱን በዜማው፣ በጊዜው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በግጥሙ ያስራል። ለምሳሌ ይሆን ዘንድ ራሴ የቋጠርኋትን ልጥቀስ፦

ደጄን ክፍት ትቼው ሌሊቱ ነጋብኝ፣
አንቺን ስጠባበቅ ብርድ ብቻ ገባብኝ።

አዝማሪው «አንቺን ስጠባበቅ» ብሎ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ አድማጩ ሁለት ነገር ይጠብቃል። ቤቱ በ«ብኝ» እንደሚመታ ያውቃል፤ በተከፈተው ደጅም አንዲት ሴት እንድትገባ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ይፈጸማል። ሁለተኛው ይቀራል፣ በሴትዮዋ ፈንታ ብርዱ ይገባል። ጆሮ ያረፈበት ቦታ ላይ ልብ አለማረፉ፣ ይህ ነው ሆድ የሚያባባው ብዬ አምናለሁ። ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት በአዝማሪ ቤቶቹ «ተቀበል!» የሚለው እንግዳም ይህን ያውቅ ነበር፤ የመጨረሻዋን ቃል ሳይሰማ ብሩን ከኪሱ አያወጣም።

ታዲያ አንድ ሰው ይነሣና «ዘፈኑን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ምን የምጠብቀው ነገር አለና ነው የሚያስለቅሰኝ?» ይላል። ይህ ጥያቄ ጽንሰ ሐሳቡን ክፉኛ የሚፈትን ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጃምሼድ ባሩቻ የሰጠው መልስ የተሻለ ይመስለኛል፤ ጥበቃው ሁለት ነው ይላል። አንዱ ይህን አንድ ዘፈን በማወቅ የሚመጣ ነው። ሌላው በዕድሜ ልክ መስማት የተገነባ ነው፤ «ትዝታ እንዲህ ይወርዳል» የሚለው። ይህ ሁለተኛው ዘፈኑን መቶ ጊዜ ብንሰማውም ሥራውን አይተውም፤ ሬ ላይ ሲያዝ እንደገና ይወጠራል። በ2011 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ የተካሄደ ጥናትም ይህንን የሚደግፍ ነው። ስምንት ሰዎች ራሳቸው የመረጡትን፣ ሁልጊዜ ሰውነታቸውን የሚወርረውን ሙዚቃ እየሰሙ አንጎላቸው ታየ። ከደስታ ስሜት ጋር የሚያያዘው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር አንጎላቸው ውስጥ ሁለት ቦታ ተለቀቀ፤ ሰውነትን የሚወርረው ስሜት ከመምጣቱ በፊት በአንደኛው፣ ሲመጣ በሌላኛው። ዳር ዳርታው ለብቻው ዋጋ ተከፍሎበታል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ለለመደ ጆሮ ነው። አንቺ ሆዬን ሰምቶ የማያውቅ እንግዳ ዜማው የት ሊያርፍ እንደሆነ ስለማያውቅ፣ እኛ ትንፋሻችንን በያዝንበት ቦታ እርሱ ስልኩን ሲነካካ ታገኙታላችሁ። ደግሞ ሰው የሚያለቅሰው ሁልጊዜ ዜማው ስለተያዘ አይደለም፤ እናቱ ቡና ስታፈላ ይሰማው የነበረው ዘፈን ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ እርሱን የጥበቃ ጽንሰ ሐሳብ አይደርስበትም።

ባለፈው ሰሞን ከፒያሳ ወደ ስታዲየም በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው ትዝታ ያሰማ ነበር። ዜማው ሊያርፍ አንድ ድምፅ ሲቀረው ሾፌሩ ስልክ ተደወለለትና ሬዲዮውን ዘጋው። ለገሃር እስክንደርስ ማንም ምንም አልተናገረም። አጠገቤ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ እናት ግን አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ለራሳቸው ብቻ፣ የቀረችውን ዶ አንጎራጎሯት።